ደሞዝ ከማስጨመር በፊት ኪራዩን እዩት፦ የአንድ ጎንደር ቤተሰብ ሂሳብ

የፋይናንስ ነጻነት ማለት ባጭሩ ነገ ስራ ብታቆሙ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ወይም ንብረት በሚያመጣው ብቻ ቤታችሁ መተዳደር ሲችል ነው። ሀብታም መሆን አይደለም። እዚህ ጋ ለመድረስ ታዲያ ሁለት መንገድ ነው ያለው፣ አንዱ በየወሩ የሚወጣውን ቋሚ ወጪ መቀነስ፣ ሌላኛው ገቢ መጨመር፣ እና ሰው ሁሉ ሁለቱን እኩል አርጎ ነው የሚያያቸው፣ 4 ሺ ብር ብቀንስም 4 ሺ ብር ቢጨመርልኝም ያው 4 ሺ ነው ይላል። ያው አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ነው ዛሬ ቁጭ ብለን ምናሰላው፣ ቁጥሩን ራሳችሁ በስልክ ካልኩሌተር ልትሰሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ መድረሻው ስንት ነው? እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዊሊያም ቤንገን የሚባል አሜሪካዊ የፋይናንስ አማካሪ ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ ይዞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ ጡረታ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው ላይ ስንት በመቶ ቢያወጣ፣ ከዛ በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል እየጨመረ ቢሄድ፣ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት ይቆይለታል? መልሱ 4 በመቶ አካባቢ ሆነ። 4 በመቶ የዓመት ወጪያችሁን እንዲሸፍን ከተፈለገ የዓመት ወጪያችሁን 25 እጥፍ መያዝ አለባችሁ ማለት ነው፣ 25 ዓመት ደሞ 300 ወር ነው። ስለዚህ የወር ወጪያችሁን በ300 አባዙት፣ መድረሻችሁ እሱ ነው። ይሄ ቁጥር የአሜሪካን ገበያ ታሪክ ይዞ የመጣ ስለሆነ እኛ አገር ላይ እንደ ህግ አይሰራም፣ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፣ እንደ መለኪያ ግን በጣም ይጠቅማል።

አሁን አስተውሉ፣ መድረሻው የሚሰላው ከገቢያችሁ አይደለም፣ ከወጪያችሁ ነው። ወር በወር 1,000 ብር የሚወጣበት ነገር ሁሉ መድረሻውን 300,000 ብር ያርቀዋል። ወጪ ስትቀንሱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል፣ የምታስቀምጡት ይጨምራል፣ የምትደርሱበት ደሞ ይቀርባል። ገቢ ሲጨምር ግን አንዱ ብቻ ነው የሚሆነው፣ እሱም ጭማሪው ሳይበላ ከቀረ ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ጎንደር የሚኖር ቤተሰብ እናስብ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ተቀጣሪ፣ ሁለት ልጆች። የሱ ደሞዝ ሳይቆረጥ 20,000፣ የሷ 14,000። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው፣ ከዛ በደረጃ እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 በላይ ያለው ብር 35 በመቶ ይቆረጥበታል፣ በዛ ላይ 7 በመቶ ጡረታ። ሲሰላ እሱ እጁ ላይ 13,650 ይገባል፣ እሷ 10,170። አንድ ላይ 23,820።

ወጪያቸው ደሞ እንዲህ ነው። ፒያሳ አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው 6,000 ይከፍላሉ። ልጆቹ ማራኪ በኩል የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፣ ለሁለቱ 2,600፣ ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልሳቸው የባጃጅ ኮንትራት ደሞ 2,000። የቤት ሰራተኛ 2,000፣ ዋይፋይና ስልክ 1,000፣ መብራትና ውሃ 500፣ ዕድርና ማህበር 200። ጤፉ ከገጠር ከቤተሰብ ስለሚመጣላቸው ለቀሪው አስቤዛ፣ ለልብስና ለልዩ ልዩ 6,700 ይበቃቸዋል እንበል። ድምሩ 21,000። የሚተርፋቸው 2,820 ብር ነው።

መድረሻቸው 21,000 በ300 ሲባዛ 6.3 ሚሊዮን። የሚያስቀምጡት ገንዘብ የዋጋ ንረቱን ሸፍኖ በላዩ ላይ በዓመት 4 በመቶ ቢያድግላቸው እንኳ (ይሄ ቀላል አይደለም) ወደ 54 ዓመት ይፈጅባቸዋል። ማለትም አይደርሱም።

አሁን ሁለቱን መንገድ እናወዳድር። በመጀመሪያው መንገድ ባልየው መስሪያ ቤቱን ተከራክሮ 4,000 ብር ደሞዝ አስጨመረ። ደስ ይላል፣ ግን 20,000 የነበረ ሰው የሚጨመርለት እያንዳንዱ ብር የሚያርፈው የመጨረሻው የግብር ደረጃ ላይ ነው፣ 35 በመቶ ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ፣ ከ4,000 ውስጥ 2,320 ብር ነው ቤት የሚደርሰው። ጡረታው ጠፍቶ ይቀራል ማለቴ አይደለም፣ ግን 60 ዓመት ሳይሞላችሁ ነጻ መሆን ከፈለጋችሁ እስከዛ ድረስ አያኖራችሁም። 2,320ዋን ሙሉ በሙሉ ሳይነኩ ቢያስቀምጡ 54 የነበረው ወደ 41 ዓመት ይወርዳል።

በሁለተኛው መንገድ ምንም ደሞዝ አልተጨመረም ግን ወጪው በ4,000 ወረደ። ወጪ 17,000 ሆነ፣ መድረሻ ከ6.3 ወደ 5.1 ሚሊዮን፣ በወር የሚቀመጠው ከ2,820 ወደ 6,820። 32 ዓመት። ያው 4,000 ብር ነው፣ ግን በ9 ዓመት ይለያያል። ሰውየው በደሞዝ መንገድ ቤት ውስጥ 4,000 ንጹህ ብር ለማስገባት ወደ 6,900 ብር ጭማሪ ማስፈቀድ ነበረበት፣ ከደሞዙ ላይ ከሲሶ በላይ ማለት ነው፣ እሱንም አግኝቶ 36 ዓመት ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም መድረሻው ከቦታው አልተነሳም።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር ደሞ አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምትከብደኝ እሷ ናት። ዋጋ በሚንርበት አገር የቆረጣችሁት ወጪ በራሱ ያድጋል። ኪራይና ኮንትራት በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር ዛሬ ማትከፍሉት 4,000 ብር በ5 ዓመት ውስጥ ማትከፍሉት 8,000 ብር ይሆናል፣ ማንንም ሳትለምኑ። የደሞዝ ጭማሪ ግን የተጻፈበት ቁጥር ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ዘንድሮ 2,320 የነበረ በ5 ዓመትም 2,320 ነው፣ በገበያ ግማሹን ያህል ነው የሚገዛው። የግብር ደረጃውም አብሮ ቆሞ ይጠብቃል፣ በ2008 የወጣው ሰንጠረዥ እስከ 2017 አልተነካም ነበር፣ ከ10,900 በላይ 35 በመቶ የሚለው ሲወጣ ትልቅ ደሞዝ የሚያገኙትን ነበር የሚመለከተው፣ ኋላ ላይ ግን ዋጋው ሲንር ደሞዙም በስም ሲያድግ ተራውን ሰው ሁሉ አስገባው።

እሺ 4,000ውን ከየት አመጡት? ብዙ ጊዜ ቁጠባ ሲባል ማኪያቶ ተው፣ ስጋ ቀንሱ፣ ይባላል፣ እና ቤተሰቡ ሶስት ሳምንት ተጨንቆ አራተኛው ላይ ይተወዋል። ቋሚ ወጪ ከዚህ የሚለየው አንዴ ትወስናላችሁ ከዛ በኋላ በየወሩ መታገል የለም። ለዚህ ነው አስቤዛዋን ትቼ ቋሚዎቹን የማየው። እዚህ ቤት ሁለት ትልልቅ ወጪዎች፣ ኪራይና ባጃጅ፣ በእውነቱ አንድ ወጪ ናቸው፣ ቤቱ የተቀመጠው ከትምህርት ቤቱ ርቆ ስለሆነ ነው ኮንትራቱ የመጣው። ማራኪ በኩል ከአስፋልቱ ገባ ያለ ግቢ ውስጥ 4,000 የሚከራይ ቤት አገኙ እንበል፣ ኪራይ 2,000 ወረደ፣ ልጆቹ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ የባጃጁ 2,000 ሙሉ በሙሉ ቀረ። ዋይፋዩን ትተው በሞባይል ፓኬጅ ብቻ ሲሆኑ 600 ቀነሰ። ግን ባልየው ፒያሳ ነው የሚሰራው፣ ድሮ በእግሩ ነበር፣ አሁን ታክሲ በወር 600 ጨመረበት። ይሄን መርሳት አይቻልም። የቀነሰውና የጨመረው ሲቀናነስ 4,000።

ኪራዩን ብቻ አይታችሁ ብትሄዱ የምትሸወዱትም እዚሁ ላይ ነው። አዘዞ ወርዳችሁ ከዚህም የረከሰ ቤት ልታገኙ ትችሉ ይሆናል፣ ግን ሁለት አዋቂ መሃል ከተማ እየሰራ ልጆቹም ማራኪ እየተማሩ ከሆነ በትራንስፖርት ይበላል፣ ሰዓቱም አለ። የኪራይን ልዩነት ከማየታችሁ በፊት ከዛ ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ በቀን የት የት እንደሚሄድ ጻፉና የሁሉንም ትራንስፖርት ደምሩ።

ሁለተኛው ሽወዳ ውሃ ነው። ጎንደር ለኖረ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ የውሃ ችግር ሰፈር ለሰፈር ይለያያል፣ አንዱ ጋ በሳምንት ይመጣል፣ አንዱ ጋ ከዛም ይቆያል። ረከሰ ብላችሁ የገባችሁበት ቤት ቧንቧው ደረቅ ከሆነ በጀሪካን እየገዛችሁ የኪራዩን ትርፍ ቀስ በቀስ ለውሃ ትመልሱታላችሁ። ደላላውን አትጠይቁት፣ ባለቤቱንም አትጠይቁ፣ እዛው ግቢ ወይም አጥር አጠገብ ያሉትን እናት «እትዬ ውሃ በስንት ቀን ነው የሚመጣው፣ ለስንት ሰዓት ነው የሚቆየው፣ ሮቶ አለ ወይ» ብሎ መጠየቅ ነው። መብራት ላይ ደሞ ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ የጋራ ከሆነ በምን ነው የሚካፈለው፣ ይሄን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሶስተኛው ባለቤቱ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሁፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። አፈጻጸሙ በየክልሉና በየከተማው ስለሆነ እናንተ ያላችሁበት ላይ ሥራ ላይ መዋሉን ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ነው፣ ዋለም አልዋለም ግን የሁለት ዓመት ውል በጽሁፍ ይዛችሁ ግቡ። ምክንያቱም አጠቃላይ ሂሳቡ የተመሰረተው ያ 4,000 ብር በየወሩ ይቀጥላል በሚል ነው፣ ስድስተኛው ወር ላይ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ተብላችሁ ብትወጡ የማዘዋወሪያው ወጪ ድጋሚ ይመጣል። ማዘዋወሪያውን ደሞ አስቀድማችሁ አስሉ፣ የደላላ፣ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ መጋረጃ የማይገጥምበት፣ ምናምን ተደምሮ 8,000 ብር ቢሆን በሁለት ወር ውስጥ ይመልሳል። በሁለት ወር ከመለሰ ጥሩ ነው፣ ስምንትና አስር ወር የሚፈጅ ከሆነ ግን ውሉ ሁለት ዓመት ካልሆነ አትንቀሳቀሱ እላለሁ።

የማይነኩትንም እንይ። ሰራተኛዋ 2,000 ብር ትወስዳለች፣ ምግቧም አለ፣ ወረቀት ላይ ሲያዩት መጀመሪያ የሚቆረጠው እሷ ትመስላለች። ግን እሷ ከሄደች ትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማን ይቀበለዋል? ሚስትየው ስራ ብታቆም የምትጠፋው 2,000 አይደለችም፣ 10,170 ናት። ስለዚህ ወጪ ስትቆርጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ይሄ ቢቆም አብሮ የሚቆም ገቢ አለ ወይ? ካለ አትንኩት። ዕድር ደሞ በወር ትንሽ ብር ናት ግን ሀዘን ሲመጣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሰው ማብላቱ፣ ሁሉም በአንዴ ከኪስ ቢወጣ የአንድ ዓመት ቁጠባ ይዞ ይሄዳል፣ ኢንሹራንስ ናት፣ አትነካም። ሰዎች «ወጪ» ብለው የሚጽፉት ዕቁብ ደሞ ወጪ አይደለም፣ የራሳችሁ ገንዘብ ነው፣ ቁጠባ ጋ ነው የሚጻፈው፣ ብቻ መጨረሻ ላይ የሚደርሳችሁ ከሆነ ወለድ የለውም ዋጋውም እየናረ ነው፣ ስለዚህ ረጅም ዕቁብ ላይ ቀድሞ መውሰድና ኋላ መውሰድ ትልቅ ልዩነት አለው።

እስካሁን ያልኩት መቀነስ ይበልጣል ነው። አሁን ደሞ የማይበልጥበትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ራሱን ያለ ጥቅም ሲጎዳ አያለሁ። ዲግሪ ይዞ 11,500 ብር ደሞዝ የጀመረ ልጅ እናስብ፣ ግብርና ጡረታ ሲወጣ 8,595 ይደርሰዋል። ቀበሌ 18 አንድ ክፍል ቤት በ2,500 ተከራይቶ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ በጠቅላላ 7,500 ያወጣል፣ ወደ 1,100 ይተርፈዋል። እዚህ ልጅ ላይ ምኑ ይቆረጣል? ጨክኖ 500 ብር ቢቀንስ፣ በዛው ስሌት 52 ዓመት የነበረው 43 ይሆናል፣ እሱም እየተራበ። ማታ ማታ ሁለት ሶስት ተማሪ ማስጠናት ጀምሮ ወይም የአንድ ሱቅ ሂሳብ እየሰራ ተጨማሪ 4,000 ንጹህ ብር ቢያገኝና ኑሮውን ባይቀይር ግን 23 ዓመት ነው። እጥፍ ማለት ይቻላል። ቅድም ያየነው ቤተሰብ የሚቆረጥ ነገር ስለነበረው ነው መቀነሱ ያሸነፈው፣ ይሄ ልጅ ወለሉ ላይ ነው ያለው፣ ከዛ በታች መውረድ ጤናውን ነው የሚበላው።

የትኛው እንደሆናችሁ የምታውቁበት ቀላል መንገድ ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ሰራተኛ፣ ኢንተርኔት፣ ብድር ካለ ወርሃዊ ክፍያውን፣ እነዚህን ደምሩና እጃችሁ ላይ ለሚገባው ደሞዝ አካፍሉት። ቤተሰቡ 13,600 ለ23,820 ነበር፣ 57 በመቶ። ልጁ ኪራዩ ብቻ ነው ያለው፣ 29 በመቶ። በኔ እይታ ከግማሽ በላይ ከሆነ ስለ ተጨማሪ ስራ ከማሰባችሁ በፊት ቤቱን እዩት፣ ከሲሶ በታች ከሆነ ደሞ ወጪያችሁን መቆንጠጥ ትታችሁ ጉልበታችሁን ገቢ ላይ አውሉት። መሃል ላይ ያለ ሰው አንድ የሚቆረጥ ትልቅ ነገር ካለው እሱን አንዴ ቆርጦ ወደ ገቢው መሄድ ነው።

ቤተሰቡም ራሱ ከቀነሰ በኋላ እዛው መቆም የለበትም፣ ሁለተኛ ጊዜ 4,000 የሚቆረጥ ቤት የለም። ወጪው 17,000 ላይ ከቆመ በኋላ 5,000 ንጹህ የጎን ገቢ ቢጨምሩ 32 የነበረው ወደ 23 ዓመት ይወርዳል፣ 10,000 ቢሆን ወደ 18። ወጪው የሚወርድበት ወለል አለው፣ ገቢ ግን ጣሪያ የለውም፣ ስለዚህ ረጅሙን መንገድ የሚወስዳችሁ መጨረሻ ላይ ገቢ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የምከራከረው፣ መጀመሪያ ወጪውን ዝቅ አርጎ ያስቀመጠ ሰው ከዛ በኋላ የሚያገኘው ገቢ ሁሉ በአጠረ መድረሻ ላይ ነው የሚያርፍለት።

ቅደም ተከተሉን ሲያገላብጡት ምን እንደሚሆን ደሞ ከተማው ውስጥ እናውቀዋለን። ደሞዝ ሲጨመር ወሬው ቀድሞ ይደርሳል፣ አከራይም ይሰማል፣ ዘመድም ይሰማል፣ የሰርግ መዋጮ ላይ የምትጠበቁበት መጠን ይጨምራል፣ ልጆቹን ሻል ወዳለ ትምህርት ቤት እናዛውራቸው ይመጣል። አንዱም ክፉ ነገር አይደለም። ግን ከጭማሪው ውስጥ ግማሹ ቋሚ ወጪ ከሆነ ጭማሪው መድረሻውን እያራቀ ነው ማለት ነው፣ 2,320 ብር ተጨምሮ 1,200ው አዲስ ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ከሄደ መድረሻው በ360,000 ብር ሸሸ። ወጪ መቀነስን ግን ማንም አይሰማም፣ ማንም አይመጣባችሁም።

ሌላው ገቢ በሌላ ሰው እጅ ነው ያለው። ጎንደር ላይ ቱሪስት ይዘው የሚኖሩ አስጎብኚዎች፣ ሆቴል ቤቶች፣ የባህል እቃ ሻጮች፣ በ2012 ኮሮና ሲመጣ፣ ከዛ በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር፣ ከዛ በ2015 መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ግጭቱ ሲነሳ ምን እንደደረሰባቸው አይተናል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ በኦንላይን ስራ የሚኖሩትም አብረው ቆሙ። ጥምቀት ላይ ጥሩ ብር ያገኘ ሰው በዛ ወር ገቢ ልክ ኪራይ ከገባ ግንቦት ላይ ይጨንቀዋል። ገቢያችሁ እንዲህ ወጣ ገባ ከሆነ ቋሚ ወጪያችሁን በደህናው ወር ልክ ሳይሆን በደካማው ወር ልክ ነው መወሰን ያለባችሁ። ለክፉ ቀን የሚቀመጠውም ያንሳል፣ የ6 ወር መጠባበቂያ ለዛ ቤተሰብ ድሮ 126,000 ነበር፣ ወጪው ሲወርድ 102,000 ይበቃዋል።

አሁን ወደተውኩት ልመለስ፣ የአሜሪካው ቁጥር እኛ አገር ላይ እንደ ህግ የማይሰራበት ነገር። ስሌቱን የሰራሁት ገንዘቡ ከዋጋ ንረት በላይ 4 በመቶ ያድጋል ብዬ ነው። ባንክ በተራ ቁጠባ ብታስቀምጡት ይሄ አይሆንም፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ የዋጋ ንረቱ ደሞ ከዛ በላይ ሲሆን ኖሯል፣ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በዛ ሁኔታ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር እያደገ የሚገዛው ነገር እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የቀነሳችሁት 4,000 ብር ቁጠባ ደብተር ላይ ለዓመታት ከተኛ ጥቅሙ በኋላ በር ይወጣል። ደብተሩ መጠባበቂያውን መያዣ ነው፣ ከዛ ያለፈው ዋጋው አብሮ ወደሚንር ነገር መሄድ አለበት፣ እኛ ከተማ ብዙ ሰው የሚያውቀው በህጋዊ ካርታ ባለው ግቢ ውስጥ የሚከራይ ክፍል መስራት ነው፣ ትርፍ የሚያከፋፍል ባንክ አክሲዮንም አለ፣ በ2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ስራ ጀምሯል፣ እያንዳንዱ የራሱ ስጋት አለው፣ እዚህ አላብራራውም። ለዛሬው ጥያቄ የሚያስፈልገን ይሄ ነው፣ ዕድገቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ ማለትም ገንዘባችሁ ንረቱን ብቻ ተከትሎ ቢሄድ፣ ሁሉም ዓመታት ይረዝማሉ ግን ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፣ ያ ቤተሰብ 4,000 ደሞዝ በማስጨመር 102 ዓመት፣ 4,000 በመቀነስ 62 ዓመት ነው የሚሆንበት። እንደውም ገንዘብ በደንብ በማያድግበት ቦታ መድረሻውን ማቅረቡ ይበልጥ ዋጋ አለው። ዕድገቱ ዜሮ ሲሆን 300 ወር የሚለውም ለ25 ዓመት ብቻ ነው የሚያኖረው፣ ገና በ40 ዓመታችሁ ማቆም የምትፈልጉ ከሆነ 300ን ወደ 400 አሳድጉት፣ ያኔ ከወር ወጪ ላይ የምትቆርጧት እያንዳንዷ 1,000 ብር 400,000 ትሆናለች።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፣ ቤት ቀይረው ወጪያቸው የወረደላቸው ሰዎች ከሶስት አራት ወር በኋላ ብሩ የት እንደሄደ የማያውቁት ድሮ በግዴታ ይወጣ የነበረው ብር አሁን ኪስ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ድሮ ለአከራይና ለባጃጁ ትከፍሉበት በነበረው ቀን፣ በዛው ቀን፣ ልዩነቱን ለሌላ ሂሳብ አስተላልፉ፣ ባንኩ በየወሩ በቀን ቆጥሮ ራሱ እንዲያስተላልፍ ማዘዝም ይቻላል። እና ውሉ ሲታደስ፣ ኪራይ ሲጨመር፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ቋሚ ወጪያችሁ በተነካ ቁጥር አዲሱን የወር ወጪ በ300 አባዝታችሁ መድረሻችሁን እንደገና ጻፉት፣ ከባለፈው ጋር አስተያዩት።